ከሰርግ በኋላ ለፎቶ ቤቱ፣ ለካተሪንጉና ለአዳራሹ ሪቪው ስንጽፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሰርግ ይደራረባል፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሙሽሮችና ቤተሰቦች "ምን ብለን እንጻፍ" እያሉ ይጠይቃሉ። እኔ ሰርግ በማስተባበር ነው ምሰራው፣ ብዙ ጊዜ ሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሰው ያልተገባ ስም እንዳይሰጠው፣ ቀጣዩ ሙሽራም እንዳይታለል ስለምፈልግ አንዳንዱን ሰፋ አርጌ ነው የጻፍኩት።

ሪቪው መቼ ነው መጻፍ ያለብኝ?

ለሶስቱም አንድ ቀን አይደለም። አዳራሹ ስራው የሚያልቀው የዛኑ ለት ስለሆነ በሳምንቱ ውስጥ ትዝታው ሳይጠፋ ጻፉ። ካተሪንጉን ግን ሂሳብ እስክትዘጉ፣ የጎደለ ሰሃንና ድስት ተቆጥሮ መያዣችሁ እስኪመለስ ጠብቁ፣ ምክንያቱም ጸብ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምግቡ ላይ ሳይሆን እዛ ላይ ነው። ፎቶና ቪዲዮ የመጨረሻው እቃ እጃችሁ ሲገባ ነው። ብዙ ፎቶ ቤቶች በሰርጉ ማግስት ሊንክ ልከው አምስት ኮከብ ስጡን ይላሉ፣ ሙሽሮቹም ልጆቹ ተግባቢ ስለነበሩ ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ፣ ግን በዛን ሰዓት አልበሙም ቪዲዮውም ገና አልተሰራም። እንደዛ አይነት ሪቪው ስለ ጠባያቸው እንጂ ስለ ስራቸው ምንም አይነግርም። ከጻፋችሁም ጎግል ማፕ ላይ በኋላ ኤዲት ማድረግ ስለሚቻል አልበሙ ሲመጣ ተመልሳችሁ ጨምሩበት።

የተፈረመ ውል የለኝም፣ በቃል ነው የተስማማነው። ከምን ጋር ላወዳድር?

በቃል የተስማማ ሰው እንኳን ሳያውቀው ብዙ ጽሁፍ አለው። የቀብድ ደረሰኙ፣ ፕሮፎርማው፣ የቴሌግራም ቻቱ፣ የላኩላችሁ ቮይስ፣ ባንክ ስታስገቡ ምክንያት ላይ የጻፋችሁት ሁሉ ይቆጠራል። እነሱን ከፍታችሁ ወረቀት ላይ በአንድ በኩል "ይሄን እናደርጋለን" ያሉትን፣ በሌላ በኩል የመጣውን ጻፉ።

ስትጽፉ የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን ለዩ። "ሁለት ቪዲዮ ማን፣ አንድ ትልቅ አልበም፣ በ45 ቀን" የሚለው ይቆጠራል፣ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። "ሲኒማቲክ"፣ "ቪአይፒ"፣ "ደረጃውን የጠበቀ" የሚባለው ግን አይቆጠርም፣ እሱን መለካት የምትችሉት ቢሮ ስትሄዱ ካሳዩዋችሁ ናሙና ጋር ብቻ ነው። ናሙናው ራሱ ቃል ኪዳን ነው። ያሳዩዋችሁ አልበም ወፍራም ቅጠል ሆኖ የተሰጣችሁ የሚታጠፍ ስስ ወረቀት ከሆነ ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል ባትነጋገሩም ሪቪው ላይ መጻፍ ትችላላችሁ፣ "ቢሮ ያሳዩን አልበም እንዲህ ነበር የሰጡን እንዲህ ነው" ብላችሁ።

ፎቶ ቤቱ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን አልሰጠም። እንዴት ነው ሚጻፈው?

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን አይነት ምሳሌ ልስጣችሁ። ስምምነቱ ሁለት ፎቶ አንሺ፣ ሁለት ቪዲዮ፣ ድሮን፣ አንድ ባለ 20 ቅጠል ትልቅ አልበም፣ ሁለት ትንንሽ የቤተሰብ አልበም፣ ታንክ ዩ ካርድ፣ ሙሉ ሶፍት ኮፒ፣ ሁሉም በ45 ቀን። የሆነው ደግሞ ሰዎቹ ሙሉ መጡ፣ ድሮኑ አልተነሳም፣ ትልቁ አልበም በ70ኛው ቀን መጣ በጣም ያምራል፣ የቤተሰቦቹ አልበም ግን አንዱ ብቻ ነው የመጣው፣ ታንክ ዩ ካርዱ ላይ የሙሽራዋ አባት ስም ተሳስቶ ታትሟል።

አሁን ሁለት አይነት ሰው አለ፣ አንዱ ተናዶ "ሌቦች ናቸው እንዳትሄዱ" ይላል፣ ሌላው ይሉኝታ ይዞት "ጥሩ ናቸው ትንሽ ዘገዩ" ይላል። ሁለቱም ለሚያነበው ሰው አይጠቅሙም። ጠቃሚው እንዲህ ነው፦ "ቡድኑ በሰዓቱ ሙሉ ሆኖ መጣ፣ ፎቶው ያሳዩንን ናሙና ይመስላል። 45 ቀን ተብሎ በ70 ነው የተረከብነው። ድሮን ከፍለን አልተነሳም፣ ገንዘቡ ስንጠይቅ ተመልሷል። ከሁለት የቤተሰብ አልበም አንዱ እስካሁን አልመጣም። ካርዱ ላይ ስም ተሳስቷል፣ በነጻ እናትምላችኋለን ብለዋል እየጠበቅን ነው።" ይሄን ያነበበ ሰው አልበም ለማይፈልግና ፎቶው ጥራት ብቻ ለሚያሳስበው ሙሽራ ቤቱ ይሆናል ብሎ ሊወስን ይችላል፣ ወላጆቹ አልበም ለሚጠብቁ ደግሞ አይሆንም።

የስም ስህተቱ ላይ ግን አንድ ነገር አጣሩ። ስሙን እናንተ ናችሁ የላካችሁት? ከማተሙ በፊት ናሙና አይታችሁ "እሺ" ብላችኋል? ቻቱን ተመለሱበት፣ እናንተ የላካችሁት ጽሁፍ ላይ ስህተቱ ካለ ሪቪው ውስጥ አታስገቡት። ስለ መዘግየቱም እንደዛው፣ የአልበም ፎቶ እናንተ መርጣችሁ እንድትልኩ ተጠይቃችሁ ሶስት ሳምንት ከቆያችሁ ቀኑ መቆጠር ያለበት ምርጫውን ከላካችሁ ጀምሮ ነው።

ባለቤቱ ራሴ አነሳለሁ ብሎ ረዳቱን ላከ። ይሄ ይጻፋል?

አዎ፣ እንደውም ከሁሉም በላይ ይሄ ነው መጻፍ ያለበት። በሰርግ ሰሞን አንድ ፎቶ ቤት በአንድ እሁድ ሁለት ሶስት ሰርግ ይይዝና ጥሩውን ልጅ አንዱ ጋ ይልካል። ቡድን ቀይሮ መላክ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ብዙ ጎበዝ ረዳቶች አሉ። ጥፋቱ ስም ጠቅሶ ወይ "እኔ እመጣለሁ" ብሎ ተስማምቶ ሳይናገር መቅረቱ ነው። ስለዚህ "ማን እንደሚመጣ ተነግሮን ነበር፣ በለቱ ሌላ ሰው መጣ፣ የነገሩን ጠዋት ነው" ብላችሁ ጻፉ፣ ከዛ ደግሞ የመጣው ልጅ ስራ እንዴት እንደነበር በታማኝነት ጨምሩ፣ ጥሩ ሰርቶ ከሆነ ይገባዋል።

ሶፍት ኮፒው ስልክ ላይ ያምራል ሲታተም ግን ይደበዝዛል። የፎቶ አንሺው ችግር ነው?

መጀመሪያ በምን እንደተላከላችሁ እዩ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ላይ ይወርዳል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ኦሪጅናሉ እንዳለ ይመጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥሩ ህትመት ለማውጣት በ300 ዲፒአይ ወደ 3500 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ስለዚህ በቴሌግራም የመጣው ለስልክ እንጂ ለግድግዳ አይሆንም። ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን ራይት ክሊክ አርጋችሁ Properties ከዛ Details ውስጥ Dimensions የሚለውን እዩት። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ በፍላሽ ወይ በሃርድ ዲስክ ኦሪጅናሉን ጠይቁ። "ሙሉ ሶፍት ኮፒ" ተብሎ ቃል ተገብቶ ሲጠየቁ ኦሪጅናሉን እንቢ ካሉ ያ ለሪቪው የሚሆን ነገር ነው፣ ጠይቃችሁ ወዲያው ከሰጧችሁ ግን የቴሌግራሙን ነገር አታንሱት።

ሮው ፋይል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ያልተሰራበት ጥሬ ፎቶ ነው፣ ለብቻው ካልተስማማችሁበት በስተቀር አልሰጡንም ብሎ መውቀስ ልክ አይመስለኝም።

ምግብ አለቀ። ጥፋቱ የማን ነው?

ይሄ ላይ ብዙ ካተሪንግ ያለጥፋቱ ስሙ ይጠፋል፣ ብዙው ደግሞ ያመልጣል፣ ስለዚህ ቁጥር ካልያዛችሁ ባትጽፉ ይሻላል።

አንድ ምሳሌ በደንብ እንይ። ስምምነቱ 400 ሰው ነው፣ ካተሪንጉ አስር ፐርሰንት መጠባበቂያ ይዣለሁ ብሏል፣ ማለት 440። ጠሪዎቹ 220 የጥሪ ካርድ ነው የበተኑት፣ እያንዳንዱ ለባልና ለሚስት፣ ያው 440 ሆነ። ግን ካርድ ያልደረሰው ጎረቤት አለ፣ ልጅ ይዞ የሚመጣ አለ፣ የካሜራና የዲጄ ልጆች፣ ሾፌሮች አሉ፣ እነሱም ይበላሉ። አዳራሹ ባለ 10 ወንበር 45 ጠረጴዛ ዘርግቶ ነበር፣ ምሳ መሃል ላይ 6 ጠረጴዛ ጨመረ። ጠረጴዛ ተጨመረ ማለት 450 ሰው ሞልቷል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የተቀመጡት አራት አምስት ጠረጴዛዎች ሲጠሩ ወጡ ሁሉ አልቆ እንጀራና ሰላጣ ብቻ ነው የቀረው።

አሁን ሰሃኑን ቁጠሩ። ካተሪንጉ 500 ሰሃን አምጥቶ ምግቡ ባለቀበት ሰዓት 48 ንጹህ ሰሃን ከተረፈ 452 ሰሃን ወጥቷል ማለት ነው። ድጋሚ የሚያነሳ ሰው አዲስ ሰሃን ስለሚይዝ 452 ሰሃን 452 ሰው አይደለም፣ ቢሆንም ካተሪንጉ ቃል የገባውን ያህል ማቅረቡን ያሳያል። "ምግብ ሰርቀው ነው ያለቀው" ብሎ መጻፍ እዚህ ጋ ትልቅ በደል ነው፣ የበዛው እንግዳ ነው። በተቃራኒው ደግሞ 380 ሰው መጥቶ፣ 350 ሰሃን ላይ ካለቀ የካተሪንጉ ጉድለት ነው፣ ሳታቅማሙ ጻፉት።

ግን እዚሁ ምሳሌ ላይ ሌላ ነገር አለ። ክትፎው ገና ግማሹ እንግዳ ሳይነሳ ነው ያለቀው። ለምን? ስምምነቱ ላይ በየድስቱ አንድ አስተናጋጅ ቆሞ ያወጣል ይላል፣ ክትፎውና ጥብሱ ጋ ግን ማንም አልነበረም፣ እንግዳው ራሱ እያወጣ ነበር። ሰው ራሱ ሲያወጣ የሚወደውን ይከምራል፣ መጀመሪያ የተነሱት የሁለት ሰው ድርሻ ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ጠቅላላ ምግቡ ማለቁ የእንግዳው ብዛት ነው፣ የክትፎው ግን የአስተናጋጅ ጉድለት ነው፣ እሱ ደግሞ የካተሪንጉ ነው። ሪቪው ላይ ሁለቱን ለያይታችሁ ጻፉ፦ "ለ400 ተስማምተን ከ450 በላይ ሰው መጥቶብናል፣ የምግቡ ብዛት ስምምነቱን ያሟላ ነበር። ቃል የተገባው አስተናጋጅ ግን ክትፎና ጥብስ ጋ አልነበረም፣ በዛ ምክንያት ክትፎው ቶሎ አለቀ።"

ማስረጃ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ከራሳችሁ ቪዲዮና ፎቶ። ካሜራ የተነሳበትን ሰዓት ፋይሉ ላይ ይይዛል፣ ቡፌው ሲነሳ ትሪው ባዶ ከሆነ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ይታወቃል፣ ከጀርባው አስተናጋጅ ቆሞ እንደሆነም ይታያል። የካሜራው ሰዓት ትክክል ተሞልቶ እንደነበር ግን አረጋግጡ፣ ኬክ የተቆረሰበትን ሰዓት ከምታውቁት ጋር አስተያዩት።

ሰንጋውን እኛ ገዝተን ነው የሰጠነው፣ ስጋው አነሰ። እንዴት እጽፋለሁ?

እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ። ካተሪንግ ሁለት አይነት አሰራር አለው፣ አንዱ ሁሉን ራሱ ገዝቶ በሰው ሂሳብ የሚያስከፍል፣ ሌላው እናንተ ሰንጋውን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ሽንኩርቱን አቅርባችሁ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚወስድ። በሁለተኛው ላይ ስጋው ሲወጣ ካልተመዘነ፣ ለጥብስ፣ ለክትፎ፣ ለወጥ ስንት ኪሎ እንደተሰጠ ካልተጻፈ "አነሰ" የሚለው ጥርጣሬ ብቻ ነው። ሰንጋው በቁመናው ትልቅ መስሎ ስጋው ሊያንስ ይችላል፣ አጥንቱ አለ፣ ጮማው አለ፣ ሲበስልም ስጋ ይቀንሳል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ቆሞ አስመዝኖ አስረክቦ ከሆነ ቁጥሩን ጻፉ። ካልሆነ ስለ ጣዕሙ፣ ስለ ንጽህናው፣ ስለ ሰዓቱ ጻፉና ስጋውን ተዉት። የተረፈውን ምግብ ደግሞ ማን ይወስዳል የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ሳለ ካተሪንጉ ጭኖት ከሄደ እሱ በግልጽ የሚጻፍ ነው።

ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ይዘጋጃል ተብሎ ነበር። ምን ላጣራ?

የታረደው በሙስሊም ነው ወይ፣ የተሰራው በሌላ ድስት ነው ወይ፣ የቀረበውስ በተለየ ጠረጴዛና በተለየ ጭልፋ ነው ወይ። የመጨረሻው ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው፣ ምግቡ ተለይቶ ተሰርቶ አስተናጋጁ አንዱን ጭልፋ ለሁለቱም ይጠቀምበታል። እዛ የነበሩ እንግዶቻችሁን ጠይቁ፣ እነሱ አይተውታል። ቀጣዩ ሰው በናንተ ቃል ተማምኖ የሰው ሃይማኖት የሚነካ ነገር ላይ ስለሚወስን ያላያችሁትን "ሁሉም ጥሩ ነበር" ብላችሁ አትጻፉ።

አዳራሹስ ምን ምኑ ነው ሚመዘነው?

ስለ ጌጡ ሁሉም ያያል፣ ማይታየውን ጻፉ። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ምን ምኑን ያስነሳል፣ አንዳንድ አዳራሽ አምፖሉን ብቻ አስነስቶ የዲጄውን ድምጽና የኩሽናውን መስመር አያነሳም። ዲኮር ሰሪው ስንት ሰዓት ላይ ነው የገባው፣ ማታውኑ ይገባል ተብሎ ጠዋት ከሆነ የተከፈተለት ያ ነው ዲኮሩን ያበላሸው። ለመኪና ማቆሚያው ስንት መኪና ቃል ተገብቶ ስንት ቆመ። ከዛ ሂሳቡ ነው፣ የተነገራችሁ ዋጋ 15 ፐርሰንት ቫቱንና ሰርቪስ ቻርጁን ይጨምር ነበር ወይስ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው፣ መጠጥ ከውጭ ስታስገቡ የተጠየቃችሁት ክፍያ ከመጀመሪያው ተነግሯችሁ ነበር? ይሄን የጻፈ ሰው ለሌላው ብዙ ገንዘብ ያድንለታል።

ድሮኑ ስላልተነሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ስላልተቀረጸ ፎቶ ቤቱን ልውቀስ?

ቤተ ክርስቲያኑ ካሜራ ከከለከለ ወይ እዛ ቦታ አትቁሙ ካለ ፎቶ አንሺው ምንም ማድረግ አይችልም፣ አታንሱት። ድሮን ግን ይለያል። ድሮን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ባለሙያው ያውቃል፣ ፈቃዱ ሳይኖረው ፓኬጁ ውስጥ አስገብቶ ገንዘብ ከተቀበለ ጥፋቱ የሱ ነው። ገንዘቡን መመለስ አለመመለሱን አብራችሁ ጻፉ።

ቀብድ ተቀብለው ሰርጉ ሲቃረብ ሰረዙብን። ሪቪው ብቻ ነው ያለን አማራጭ?

አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሰረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሰው ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አርጎ ይመልሳል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ስለሆነ "ቀብዳችሁን እንመልስላችኋለን" ሲባል አመስግኖ ይወጣል። ሪቪው ላይ መቼ እንደሰረዙ፣ ምን ያህል ቀን እንደቀረ፣ ምን እንደመለሱ ጻፉ።

መጥፎ ሪቪው ጽፌ ልከሰስ እችላለሁ?

ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያስጠይቃል፣ ስለዚህ የምትጽፉት ልታሳዩት የምትችሉትን ይሁን። "አልበሙ በ70 ቀን መጣ" የሚለውን ደረሰኝ አውጥታችሁ ታሳያላችሁ፣ "አጭበርባሪ ነው" የሚለውን ግን እናንተ ናችሁ የምታስረዱት። የሰራተኛውን ስም፣ ፎቶውን፣ ስልኩን አትለጥፉ፣ ስለ ድርጅቱ ስራ ብቻ ጻፉ። የቻት ስክሪንሾት ስትለጥፉም ቁጥሩን ሸፍኑት።

"ሪቪውን ካላጠፋችሁ አልበሙን አንሰጥም" አሉን። ምን እናድርግ?

ለዚህ ነው የመጨረሻው እቃ እስኪገባ ጠብቁ ያልኩት። አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ከሆነና እንዲህ ካሉ መልዕክቱን በጽሁፍ እንዲልኩት አርጉ፣ በስልክ ብቻ ከሆነ ደግሞ ካወራችሁ በኋላ "ቅድም እንዳልከው አልበሙን የማትሰጠን ሪቪውን ካላጠፋን ነው አይደል?" ብላችሁ ራሳችሁ በቴሌግራም ጻፉለት። ሙሉ ከፍላችሁ ከሆነ እቃው የናንተ ነው፣ ከሪቪው ጋር አይያያዝም። እኔ ብሆን አላጠፋም፣ ግን ያልደረሰው ነገር ሲደርስ ወዲያው ኤዲት አርጌ "ደርሶናል" ብዬ እጽፋለሁ። ቀሪ ክፍያ ካለባችሁ ግን መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፣ ካልሆነ ክርክሩ ወደናንተ ይዞራል።

ገንዘብ እንመልስና አጥፉልን ሲሉስ? የጎደለው ነገር ዋጋ ከሆነ ተቀበሉ፣ መብታችሁ ነው፣ ሪቪውንም ከማጥፋት ይልቅ "ጉድለቱን በገንዘብ አካክሰውናል" ብላችሁ አስተካክሉት። ለነሱም ቢሆን ይሄ ይሻላቸዋል፣ ስህተት ሲፈጠር የሚያስተካክል ቤት መሆናቸውን ነው ሰው የሚያነበው።

ከአሜሪካ መጥተን ተጋብተን ተመልሰናል፣ አልበሙን ቤተሰብ ነው የተረከበው። እኛ እንዴት እንገምግም?

ወላጆች ሲረከቡ ብዙ ጊዜ ከፍተው አያዩም፣ ያያሉም ቢባል ምን ቃል እንደተገባ አያውቁም። የተስማማችሁበትን ዝርዝር ላኩላቸውና ከመፈረማቸው በፊት እህት ወይ ወንድም አልበሙን ቅጠል በቅጠል እየገለጠ በቪዲዮ እንዲቀርጽላችሁ አድርጉ። የሚጎድለው ያኔ ይታያል፣ ቅጠሉም ይቆጠራል። አልበሙ በሰው እጅ ዋሽንግተን እስኪደርስ ወር ሁለት ወር ከፈጀ ያን መዘግየት ፎቶ ቤቱ ላይ አትቁጠሩ፣ ቀኑን ቤተሰብ በተረከበበት ያዙ። በመንገድ ላይ የተጣጠፈ ወይ እርጥበት የነካው ጥግ ካለም ከዛ ቪዲዮ ጋር አስተያዩትና ማን ጋ እንደተበላሸ እወቁ፣ ከዛ በኋላ ጻፉ።